የስፌት መኪናን ማርካና ሞዴል መለየት

የስፌት መኪናን ማርካና ሞዴል መለየት ማለት አንድ የልብስ ስፌት መኪና የት እንደተሠራና ከየትኛው የአሠራር ዓይነት እንደሚመደብ ከአካሉ፣ ከመቆጣጠሪያዎቹና ከአርማው ተነስቶ ማወቅ ነው። ጥያቄው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው መለዋወጫ ሲያስፈልገው፣ ወይም ሲሸጥና ሲገዛ ነው። ብዙ ሰው በክንዱ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈውን ስም አንብቦ እዚያው ያቆማል። በአሮጌዎቹ ጥቁር የብረት መኪናዎች ላይ ግን ስሙ ከማስረጃዎቹ ሁሉ ደካማው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ መኪናዎች፣ ማለትም ስለ ሲንጀር የቤት ውስጥ መኪናዎችና በእነሱ አምሳል በጃፓንና በቻይና ስለተሠሩት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ስሙ ለምን አይበቃም

የሲንጀር ኩባንያ በ1851 በአሜሪካ ተመሠረተ። መኪናዎቹ በዓለም ዙሪያ ከመሰራጨታቸው የተነሳ በኢትዮጵያም ጭምር «ሲንጀር» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው የማንኛውም የስፌት መኪና መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ «የእናቴ ሲንጀር» የተባለው መኪና የሌላ ፋብሪካ ሥራ ሆኖ ቢገኝ ተናጋሪው ዋሸ አይባልም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የሆነው ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች የሲንጀርን 15 ቁጥር መኪና እንደ ጋራ ንድፍ ወስደው፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም አድርገው በብዛት ሠሩ። ወደ ውጭ ሲልኩ ደግሞ በክንዱ ላይ የሚጻፈውን ስም ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ገዢው አስመጪ ወይም ትልቅ መደብር ነበር። በዚህም አንድ ዓይነት መኪና እጅግ ብዙ በሆኑ ስሞች ተሸጠ። እነዚህን ስሞች በኢንተርኔት መፈለግ ብዙ ጊዜ ያደክማል፤ ስሙ የሻጩ እንጂ የሠሪው ስላልሆነ የፋብሪካ ታሪክ አይገኝለትም።

ይህ ልማድ በጥቁሮቹ መኪናዎች ብቻ አላበቃም። ሲርስ የተባለው የአሜሪካ መደብር በኬንሞር ስም የሸጣቸውን መኪናዎች ያሠራው በተለያዩ ፋብሪካዎች ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ሠሪውን የሚናገረው በሞዴል ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ፣ ከነጥቡ በፊት ያለው ሦስት አሃዝ ነው። በ117 የሚጀምረው የአሜሪካው ዋይት፣ በ158 የሚጀምረው የጃፓኑ ማሩዜን፣ በ385 የሚጀምረው ደግሞ የጃኖሜ ሥራ ነው። ሁሉም ላይ ኬንሞር የሚል ስም አለ፤ መለዋወጫቸው ግን አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ቀለም ነው። አሮጌ መኪና ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ የድሮውን ጌጥ የሚመስሉ ተለጣፊ ሥዕሎችም ይሸጣሉ። በተጨማሪም ሲንጀር ራሱ አንዱን ጌጥ በተለያዩ ሞዴሎች ላይ ስለተጠቀመ፣ ስፊንክስ ወይም አበባ ስለታየ ብቻ ሞዴሉ ይህ ነው ማለት አይቻልም።

## የታችኛው ክር የሚቀመጥበት ቦታ

ሞዴሉን ለመለየት ከላይ ካለው ጌጥ ይልቅ ከመርፌው ሥር ያለውን መመልከት ይቀድማል። መኪናው የላይኛውን ክር ከታችኛው ጋር የሚያቆላልፍበት መንገድ የንድፉ መሠረት ስለሆነ በቀለምና በአርማ አይለወጥም። የታችኛው ክር የሚጠነጠንበት ዕቃ ቦቢን ይባላል። በአሮጌዎቹ የሲንጀር የቤት መኪናዎች ላይ በተለይ ሦስት አቀማመጦች ይገጥማሉ።

የመጀመሪያው ረጅምና ቀጭን ቦቢን ነው። እንደ ትንሽ ዘንግ ሆኖ፣ ጥይት በሚመስል መወርወሪያ ውስጥ ይገባል፤ መወርወሪያው ስፌቱ ሲሄድ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። ከመርፌው ፊትና ኋላ ሁለት የሚያብረቀርቁ ተንሸራታች ክዳኖች ካሉና ሲከፈቱ መወርወሪያው ከታየ፣ መኪናው ከ27፣ 28፣ 127 ወይም 128 አንዱ ነው። እነዚህን አራቱን እርስ በርስ መለየት ቀላል ነው። 27 እና 127 ሙሉ መጠን ያላቸው ሲሆኑ 28 እና 128 አነስ ያሉ ናቸው። ቦቢን ማጠንጠኛው ከእጅ መዘውሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ወደ መደቡ ከተጠጋ 27 ወይም 28፣ ምሰሶው ላይ ከፍ ብሎ ከተሰካ ደግሞ 127 ወይም 128 ነው።

ሁለተኛው ክብ ቦቢን ከላይ የሚገባበት ነው። ከመርፌው አጠገብ ያለው ክዳን ሲንሸራተት ቦቢኑ ጋደም ብሎ ይታያል፤ በጣት ብቻ ይወጣል። 66 እና ትንሹ ወንድሙ 99 እንዲህ ናቸው። 201 ደግሞ ቦቢኑ ከላይ የሚገባበት ቢሆንም ውስጡ ሌላ ነው፤ መኪናውን ከኋላው አጋድሞ ከሥር ሲያዩት እንቅስቃሴው በጥርስ ማርሽ ሲተላለፍ ይታያል።

ሦስተኛው ክብ ቦቢን ቆሞ የሚገባበት ነው። ከላይ ምንም አይታይም። በግራ በኩል ያለው ክዳን ተንሸራቶ እጅ ወደ ሥር ሲገባ፣ ትንሽ መያዣ ያለው የብረት ቤት ይገኛል፤ መያዣው ተይዞ ሲሳብ ከነቦቢኑ ወደ ግራ ይወጣል። ይህ የ15 ቁጥር መለያ ነው። ከላይ የተነሱት የጃፓን ቅጂዎች በሙሉ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ የቻይናዎቹ ቢራቢሮና መሰሎቹ፣ እንዲሁም የህንዱ ኡሻ ጥቁር መኪናዎችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ቦቢኑ ቆሞ ከግራ የሚገባበት ጥቁር መኪና ካጋጠመ ገና «15 ዓይነት» ነው የሚባለው እንጂ «ሲንጀር» ነው አይባልም።

በዚህ ደረጃ ላይ መሳሳት ገንዘብ ያስከፍላል። የ15 እና የ66 ቦቢኖች ዲያሜትራቸው ሁለቱም 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ ጎናቸው ላይ ነው፦ የ15ቱ ጎን ዝርግ ነው፤ የ66ቱ ግን እንደ ሰዓት መስታወት በትንሹ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል። አንዱ በሌላው ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከገባ በኋላ ግን በእኩል አይሽከረከርም። ክሩ አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይጠብቃል፤ ከጨርቁ ሥርም ቀለበት ይሠራል። ሰው ይህን ሲያይ የላይኛውን የክር ማጥበቂያ እየነካካ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን ከሥር ነው።

## መጠኑ

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው፤ ለዚህም የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የሚለካው መኪናው የቆመበት ጠፍጣፋ የብረት መደብ እንጂ ሣጥኑ ወይም ጠረጴዛው አይደለም። ሙሉ መጠን ያላቸው መኪናዎች መደብ ርዝመቱ 37 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አነስተኛዎቹ ወደ 31 በ16.5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋሉ። ቦቢኑ ከላይ ጋደም ብሎ የሚገባበት መኪና መደቡ 37 ከሆነ 66ን፣ 31 ከሆነ 99ን ማሰብ ይገባል። ሁለቱ በፎቶ ላይ ሊለዩ የማይችሉ መንትዮች ስለሆኑ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ መኪና ሲሆን ሻጩን ልኬቱን መጠየቅ ነው የሚሻለው።

የመደቡ ቅርጽም ይናገራል። አብዛኞቹ መኪናዎች ባለ አራት ማዕዘን መደብ አላቸው። መደቡ እንደ ቫዮሊን ወገቡ ላይ የገባ ከሆነ ግን መኪናው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የ12 ቁጥር ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ በተለይ ለመርፌ ይጠቅማል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የቤት መኪና መርፌ በፓኬቱ ላይ 15x1 ወይም 130/705 H ተብሎ የሚጻፈው ነው፤ 15 የሚለው ቁጥር ራሱ ከዚሁ ከ15 ቁጥር መኪና የመጣ ነው። 12 ቁጥር መኪና ግን የራሱን መርፌ ይፈልጋል፤ በተለመደው መርፌ አልሰፋ ያለ እንዲህ ያለ መኪና ተበላሽቷል ተብሎ ሊጣል አይገባውም።

## የክር ማጥበቂያውና የስፌት ርዝመት መቆጣጠሪያው

የላይኛውን ክር የሚያጠብቀው ክብ መቆጣጠሪያ ሁለት ነገር ይነግራል፦ አንዱ በቦታው፣ ሌላው በላዩ ባለው ጽሑፍ። በ66 እና በ99 ላይ ማጥበቂያው ወደ ሰፊው ይመለከታል። ከ15-88 እስከ 15-91 ባሉት ሲንጀሮችና በአብዛኞቹ የጃፓን ቅጂዎች ላይ ደግሞ በራሱ ግራ ጫፍ፣ በጎን ክዳኑ ላይ ይገኛል፤ ሰፊው ሊያየው አንገቱን ወደ ግራ ማዘንበል አለበት። ስለዚህ ፎቶው ከፊት የተነሳና ማጥበቂያው የማይታይበት ጥቁር መኪና ከሆነ፣ 15 ዓይነት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ጽሑፉ ዕድሜን ይጠቁማል። በቀደሙት መኪናዎች ላይ ማጥበቂያው ቁጥር የሌለው ተራ ብሎን ነው። ከ0 እስከ 9 የተቆጠረው በሲንጀር ላይ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። ባለ ቁጥር ማጥበቂያ ያለው መኪና ታዲያ ከዚያ በፊት ተሠርቶ እንደነበር ከተነገረ፣ ወይ ማጥበቂያው በኋላ ተለውጧል ወይ ዕድሜው ተጋኗል። ይህ ዕቃ በቀላሉ የሚፈታ ስለሆነ መለወጡ ብርቅ አይደለም።

በምሰሶው ላይ ያለው የስፌት ርዝመት መቆጣጠሪያም እንዲሁ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የሚጠብቅና የሚላላ ብሎን ብቻ ሲሆን ወደኋላ አይሰፋም። በኋላኞቹ ላይ በተሰነጠቀ ሰሌዳ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ እጀታ ሆነ፤ እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ መኪናው ወደኋላ ይሰፋል። በሰሌዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 15፣ 20፣ 30 ከሆኑ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ስፌት እንዳለ ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስፌቱ ያጥራል። ከ1 እስከ 4 ወይም 5 ብቻ ከሆኑ ግን የአንዱን ስፌት ርዝመት በሚሊ ሜትር ይለካሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስፌቱ ይረዝማል። ይህ መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይጠቁማል እንጂ ሠሪውን አይወስንም።

## አርማውና ቁጥሮቹ

የሲንጀር አርማ በምሰሶው የታችኛው ክፍል፣ በሰፊው ፊት ለፊት የሚገኝ ትንሽ ሞላላ የነሐስ ሰሌዳ ነው። በውስጡ መወርወሪያ፣ የተቆላለፉ መርፌዎችና ትልቅ የኤስ ፊደል አሉ። ኩባንያው መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በሠራቸው መኪናዎች ላይ የሰሌዳው ዙሪያ ሰማያዊ ሆኖ 1851–1951 የሚል ጽሑፍ ታከለበት። አርማው በሁለት ትናንሽ ሚስማሮች የተያዘ ስለሆነ ሊነቀልና ወደ ሌላ መኪና ሊዛወር ይችላል። የጃፓን ቅጂዎችም በዚያው ቦታ ላይ የሌላ ስም ያለው ተመሳሳይ ሰሌዳ አላቸው። በመሆኑም «ምሰሶው ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለው» ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ መነበብ አለበት።

የበለጠ የሚታመነው በብረቱ ላይ የተቀረጸው ነው። በሲንጀር ላይ የመለያ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በመደቡ ቀኝ ጫፍ፣ ከምሰሶው ግርጌ ይገኛል። ከ1900 በፊት የተሠሩት አሃዝ ብቻ ያላቸው ሲሆን ከዚያ ወዲህ በፊደል ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያ በአንድ፣ በኋላ በሁለት ፊደላት። ሁለት ፊደል ካላቸው ውስጥ በእንግሊዝኛው ኢ የሚጀምሩት በስኮትላንድ ክላይድባንክ፣ በኤ የሚጀምሩት በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ኤሊዛቤት፣ በጄ የሚጀምሩት ደግሞ በካናዳ ሴንት ጆንስ ተሠርተዋል። የክላይድባንኩ ፋብሪካ ኪልቦዊ በሚባለው ሰፈር ሆኖ እስከ 1980 ሠርቷል። የኪልቦዊ የመጀመሪያ ፊደል ኬ ከሞዴል ቁጥሩ በኋላም ይገባል፤ 99ኬ ወይም 201ኬ የሚል ትንሽ ሰሌዳ ከተገኘ መኪናው የስኮትላንድ ነው። በተመሳሳይ ጄ ለካናዳ፣ ጂ ለጀርመኑ ካርልስሩሄ፣ ኤም ለጣሊያኑ ሞንዛ ይቆማሉ።

ከሰረዝ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ የአነዳዱን ሁኔታ ይለያል። 15-88 በእግር የሚረገጥ፣ 15-89 በእጅ የሚዞር፣ 15-90 ሞተሩ በቀበቶ የሚያዞረው፣ 15-91 ደግሞ ሞተሩ ከአካሉ ጋር ተያይዞ በማርሽ የሚያዞረው ነው። የመጨረሻው ቀበቶ ስለሌለው ከሩቅ ይታወቃል፤ በጃፓን ቅጂዎች ላይ ሞተሩ በተለምዶ ከኋላ ተንጠልጥሎ በቀበቶ የሚሠራ ነው።

አንባቢን በጣም የሚያሳስተው ጄኤ የሚለው ጥምረት ነው፤ በሦስት አገሮች መኪና ላይ ሦስት የተለያየ ትርጉም አለው። በሲንጀር መደብ ላይ ብዙ አሃዝ ተከትሎት ከተቀረጸ የካናዳው ፋብሪካ የመለያ ቁጥር መጀመሪያ ነው። ከመኪናው ሥር፣ በመሐሉ ሰረዝ ኖሮት አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ከተከተለው፣ ያን የጃፓን መኪና የሠራውን ድርጅት የሚያመለክት ምልክት ነው። በሰሌዳ ላይ 1-1 ወይም 2-1 ከተከተለው ግን የቻይና የሞዴል ስያሜ ነው፤ በዚያ ስያሜ ጄ የሚለው ፊደል የቤት ውስጥ መኪና መሆኑን፣ ኤ የሚለው ደግሞ የአሠራሩን ዓይነት ይገልጻል። የቻይናው ስያሜ ንድፉን እንጂ ፋብሪካውን አይነግርም፤ በሻንጋይ የተሠራው ቢራቢሮና የሌላ ፋብሪካ መኪና አንዱን ስያሜ ሊጋሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፊደላቱን ብቻ ጽፎ መጠየቅ ለስህተት ይዳርጋል፤ የተገኙበትን ቦታና የሚከተሏቸውን አሃዞች ጭምር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ በቆሻሻና በደረቀ ዘይት ተሸፍኖ ከሆነ በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ የመኪና ዘይት ይጠረጋል። አልኮል መጠቀም አይገባም፤ በአሮጌዎቹ መኪናዎች ጌጥ ላይ የተቀባው ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ ወርቃማውም ሥዕል ከነማስረጃው በጨርቁ ላይ ይቀራል። የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት ደግሞ የደበዘዘ ቅርጽን ጥላ ሰጥቶ ያወጣዋል።

## አንድ መኪና ሲለይ

አንድ ጥቁር መኪና ለሽያጭ ቀርቧል እንበል። ሻጩ «የ1920ዎቹ ሲንጀር ነው» ይላል። ክንዱ ላይ የአንድ የአሜሪካ ከተማ ስም የሚመስል ወርቃማ ጽሑፍ አለ፤ ምሰሶው ላይም ሞላላ የነሐስ ሰሌዳ። ሻጩ ስሙን የሞዴሉ ስም ነው ብሎ ያስረዳል።

ገዢው መጀመሪያ የግራውን ክዳን አንሸራቶ እጁን ወደ ሥር ይሰዳል። የብረት ቤት ከነቦቢኑ ወደ ግራ ይወጣል። ቦቢኑ ክብ፣ ጎኑም ዝርግ ነው። እስካሁን የታወቀው መኪናው 15 ዓይነት መሆኑ ነው፤ ሲንጀርም ቅጂም ሊሆን ይችላል። መደቡ ሲለካ 37 በ18 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ይህም ከ15 ጋር ይስማማል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም።

ቀጥሎ ማጥበቂያው በግራ ጫፍ ላይ ሆኖ ከ0 እስከ 9 ተቆጥሯል፤ የስፌት ርዝመቱ እጀታም ወደ ላይ ሲነሳ ወደኋላ ይሰፋል። የ1920ዎቹ ወሬ እዚህ ላይ ተናጋ። ማጥበቂያው ተለውጦ ይሆናል ቢባል እንኳ እጀታውም ዘመኑ ኋላ ያለ ነው፤ ሁለቱ አብረው መለወጣቸው ይከብዳል።

ሰሌዳው ሲነበብ ኤስ ፊደልም መወርወሪያም የለበትም፤ ክንዱ ላይ ያለው ስም ተደግሟል። በሚስማሮቹ ዙሪያ የድሮ ሰሌዳ የተነቀለበት ተጨማሪ ቀዳዳ የለም፤ ስለዚህ ሰሌዳው ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል። በመደቡ ቀኝ ጫፍ የሲንጀር ዓይነት የመለያ ቁጥር አልተገኘም። ሲንጀር በትናንሽ ዕቃዎቹ ላይ ሲማንኮ የሚል ቃልና የዕቃ ቁጥር ይቀርጽ ነበር፤ ቃሉ የኩባንያው ስም ምህጻረ ቃል ነው። ገዢው የጨርቅ መጫኛውን እግር ፈቶ ሲያይ ሲማንኮ የሚል ጽሑፍ አገኘ። ሻጩ «አላልኩህም?» ይላል። ነገር ግን እግር በአንድ ብሎን የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ የሲንጀር 15 እግር በቅጂው ላይ ይገጥማል። በክዳኑ፣ በቦቢኑ ቤትና በሌሎቹ ዕቃዎች ላይ ቃሉ የለም።

በመጨረሻ መኪናው በማጠፊያዎቹ ላይ ወደኋላ ተጋድሞ ሥሩ ሲታይ፣ ከዘይቱ ሥር ጄኤ፣ ሰረዝና ሁለት አሃዝ ተገለጡ። ከኋላ በኩል ደግሞ በጃፓን መሠራቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። ውሳኔው ግልጽ ሆነ፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የተሠራ የ15 ቁጥር ቅጂ ነው፤ በክንዱ ላይ ያለው ስም የነጋዴ ምርጫ ነው፤ የሠሪው ፍንጭ ያለው ከሥር ባለው ቁጥር ውስጥ ነው። ጽሑፉ በጃፓን ከማለት አልፎ «በተያዘችው ጃፓን» የሚል ቢሆን ኖሮ ዘመኑ የበለጠ ይጠብብ ነበር፤ የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ይዞ የቆየው ከ1945 እስከ 1952 ነውና።

ገዢው አንድም የሞዴል ስም ሳያገኝ የሚፈልገውን አውቋል። ዝርግ ጎን ያለው የ15 ቦቢን፣ የ15 የቦቢን ቤትና የተለመደው 15x1 መርፌ ይገጥሙታል። መኪናው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እነዚህ ቅጂዎች ጠንካራ የብረት መኪናዎች ናቸው። ለ1920ዎቹ ቅርስ የተጠየቀውን ዋጋ ግን መክፈል የለበትም።

## ከቁጥሮቹ መካከል የሞዴል ያልሆኑት

በኤሌክትሪክ በሚሠሩት ላይ በጣም የሚነበበው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ነው። ሞተሩ የራሱ ሠሪ፣ የራሱ ቁጥርና የራሱ ዘመን አለው፤ ከመኪናው በኋላ የተገጠመም ሊሆን ይችላል። የእሱን ቁጥር የመኪናው ሞዴል አድርጎ መለዋወጫ መፈለግ የተለመደ ስህተት ነው። የፓተንት ቁጥሮችም በክዳንና በተንሸራታች ብረት ላይ ይቀረጻሉ፤ አንድ ፓተንት በብዙ ሞዴሎች ላይ ስለሚሠራ እነዚህም ሞዴልን አይለዩም።

የሞተሩ ሰሌዳ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ይዞት ወይም ልኮት የመጣ መኪና ሞተሩ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር ደግሞ 220 ቮልት ነው። ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ሞዴሉን የመለየት ሥራ ከመሰካት በፊት እንጂ በኋላ መሆን የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ማርካው ምንም ቢሆን መጀመሪያ ቮልቱ ይነበባል።

በኋለኞቹ ባለ ፕላስቲክ አካል መኪናዎች ላይ ይህ ሁሉ ምርመራ እምብዛም አያስፈልግም። የሞዴል ቁጥሩ ከእጅ መዘውሩ አጠገብ፣ ከኋላ ወይም ከሥር ባለው ሰሌዳ ላይ በግልጽ ይጻፋል።

## የዘዴው ገደብ

በመለያ ቁጥር ዓመት የሚገኝባቸው የሲንጀር ዝርዝሮች አሉ። ዝርዝሮቹ የሚሰጡት ግን የቁጥሮቹ ክምችት ለፋብሪካው የተመደበበትን ቀን እንጂ አንዱ መኪና ተገጣጥሞ ያለቀበትን ቀን አይደለም። መኪናው ከዚያ ቀን በኋላ ወራት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል። በዝርዝሩ ላይ ያለውን ቀን የመኪናው ልደት ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ «ከዚህ ቀን በፊት አልተሠራም» ማለት ግን ይቻላል።

ቅጂዎች ላይ ገደቡ ይጠብቃል። የዕቃዎቹ መለዋወጥ መቻል ለጥገና ጥሩ ሲሆን ለመለየት እንቅፋት ነው፤ ብዙ ዓመት በየጠጋኙ እጅ ያለፈ መኪና የጃፓን አካል፣ የሲንጀር እግር፣ የቻይና ቦቢን ቤትና በቅርብ የተቀባ ቀለም ይዞ ይገኛል። እንዲህ ባለው ጊዜ ውሳኔው ሊነቀል በማይችለው ክፍል ላይ፣ ማለትም በአካሉ ብረትና በላዩ በተቀረጸው ላይ ይመሠረታል፤ የተቀሩት ዕቃዎች ደግሞ ለየብቻቸው ይመዘገባሉ።